የቆመ ዕቃ ሰበቃ ሁልጊዜ μN አይደለም

ለፊዚክስ ተማሪዎች፦ የቆመ ዕቃ ሰበቃ ስትጠየቁ ቶሎ ብላችሁ μN አትጻፉ። μN ሰበቃው ሊደርስበት የሚችለው ጣሪያ ነው።

ደብረ ብርሃን ባለ አንድ ወፍጮ ቤት፣ ደልዳላ ወለል ላይ 100 ኪሎ ገብስ የያዘ ጆንያ ተቀምጧል እንበል። የቆመው ሰበቃ μ 0.5፣ g ደግሞ 10 ቢሆን ጣሪያው 500 ኒውተን ነው። በአግድም በ200 ኒውተን ብትገፉት ሰበቃው 200 ብቻ ይሆናል። 500 ቢሆን ኖሮ ጆንያው ወደ ገፊው በመጣ ነበር! ማንም ካልገፋው ዜሮ ነው።

መለያው ይኸውና፦ ዕቃው እንደቆመ ቁጠሩና ለመቆም የሚያስፈልገውን ሰበቃ ከኃይሎቹ ሚዛን አስሉ። ከμN ካልበለጠ መልሱ እሱው ነው። ከበለጠ ዕቃው ይንሸራተታል፤ ያኔ በመንሸራተት ሰበቃ μ አስሉ፣ እርሱም አብዛኛውን ጊዜ ያነሰ ነው። ጥያቄው «ሊንሸራተት ሲል» ካለ ብቻ በቀጥታ μN ጻፉ።