ስልክ ሲዘጋ፦ በወረቀት ካርታና በመንገድ ምልክቶች መድረሻን ማግኘት

የስልክ ካርታ ከተጠቃሚው ላይ አንድ ትልቅ ሥራ ያነሣል፤ አሁን የት እንዳለና ፊቱ ወዴት እንደዞረ ሳይጠይቀው ይነግረዋል። የወረቀት ካርታ ይህን አያደርግም። ስለዚህ በማያውቁት ከተማ ባትሪዎ አልቆ ከባቡር ጣቢያ ወይም ከቱሪስት መረጃ ቢሮ ያገኙትን ካርታ ሲዘረጉ፣ ዓይንዎ መጀመሪያ ወደ መድረሻው ቢሮጥም የቆሙበትን ቦታ ሳያገኙ አንድ እርምጃ እንኳ ባይሄዱ ይመረጣል። የመድረሻዎ አድራሻ በአገሩ ፊደል በወረቀት ላይ ተጽፎ በኪስዎ መኖር እንዳለበት ግን ከወዲሁ ልብ ይበሉ፤ አድራሻው በተዘጋው ስልክ ውስጥ ብቻ ካለ ካርታው ብዙም አይረዳዎትም።

የቆሙበትን ነጥብ ለማወቅ የሁለት መንገዶች ስም ያስፈልጋል። አንድ መንገድ ብዙ ኪሎ ሜትር ሊረዝም ስለሚችል ስሙን ብቻ ማወቅ ቦታዎን አይወስንም፤ ሁለት መንገዶች የሚገናኙበት ማዕዘን ግን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው። ወደ ቅርቡ መስቀለኛ መንገድ ሄደው የሁለቱን ስም ከሰሌዳው ያንብቡ። ከዚያ በካርታው ጀርባ ወይም ጠርዝ ላይ ያለውን የመንገዶች ማውጫ ይክፈቱ፤ ከየስሙ አጠገብ አንድ ፊደልና አንድ ቁጥር ያገኛሉ። ፊደሉና ቁጥሩ በካርታው ጠርዞች ላይም ተጽፈዋል፤ ከሁለቱ ተነሥተው መስመሩን ቢከተሉ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ የሚፈልጉት መንገድ አለ። ረጅም መንገድ በብዙ ሳጥኖች ውስጥ ስለሚያልፍ፣ ሁለቱም ስሞች የሚጋሩትን ሳጥን መፈለግ ሥራውን ያሳጥረዋል።

ቦታዎን ካገኙ በኋላ ካርታውን ያዙሩት። ብዙ ሰው ጽሑፉ እንዳይገለበጥበት ካርታውን ቀጥ አድርጎ ይይዝና አቅጣጫውን በሐሳቡ ለማዞር ይሞክራል፤ ቀኝና ግራ የሚምታታውም በዚህ ጊዜ ነው። ከዚህ ይልቅ በካርታው ላይ ያለው መንገድ ፊት ለፊትዎ ካለው መንገድ ጋር ትይዩ እስኪሆን ድረስ ወረቀቱን ያዙሩ። ፊደሎቹ ቢገለበጡ ምንም ችግር የለውም፤ በካርታው ላይ በስተቀኝ ያለው ነገር በመሬትም ላይ በስተቀኝዎ ይሆናል። ትክክል ማዞርዎን ለማረጋገጥ አንድ ተጨማሪ ነገር ይመልከቱ፤ ለምሳሌ ካርታው ወንዙ በግራ ነው ካለ፣ ወንዙ በእርግጥ በግራዎ መኖር አለበት። አውሮፓ ወይም ካናዳ ላሉ አንባቢዎች ፀሐይም ትረዳለች፤ በዚያ እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ ሁልጊዜ በስተደቡብ ናት፤ ደመና ባለበት ቀን ግን አይመኩባት።

አሁን አንድ ምሳሌ እንከተል። ከባቡር ጣቢያ ወጥተው ወደ አንድ ቤት ይሄዳሉ እንበል፤ የቤቱ ቁጥር 38 ነው። የካርታው መስፈርት 1፡10,000 ስለሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር በመሬት ላይ 100 ሜትር ነው። ቀጥ ባለ ወረቀት ጠርዝ ላይ እያንዳንዱን የመንገድ ክፍል ምልክት እያደረጉ ሲለኩ፣ ከጣቢያው እስከ ድልድዩ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ከድልድዩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ 4፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በስተቀኝ ታጥፈው እስከ ቤቱ 3 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። በአጠቃላይ 1,200 ሜትር ነው ማለት ነው። ሰው በተለመደ እርምጃ በደቂቃ 80 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ጉዞው ወደ 15 ደቂቃ ይወስዳል፤ ድልድዩም ከስድስት ደቂቃ ገደማ በኋላ መታየት አለበት። አሥር ደቂቃ ሄደው ድልድይ ካላዩ አንድ ነገር ተሳስቷል።

ስሕተቱ አብዛኛውን ጊዜ ከመነሻው ነው። ብዙ ባቡር ጣቢያዎች ከሐዲዱ በሁለቱም በኩል መውጫ አላቸው፤ በተሳሳተው በኩል የወጣ ሰው ከድልድዩ እየራቀ ይሄዳል፤ መንገዱ ግን ሰፊና ደማቅ ከሆነ አይጠረጥረውም። ስለዚህ ገና ከመውጫው ላይ ሐዲዱ በጀርባዎ መሆኑንና የሚያዩት አደባባይ ካርታው ላይ ያለው መሆኑን ያረጋግጡ። ሌላው የስሕተት ምንጭ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ካርታ ነው። ወረቀቱ ሲያንስ ወይም ሲያድግ «1፡10,000» የሚለው ጽሑፍ ሳይለወጥ ስለሚቀር ልኬቱ ሐሰት ይሆናል። ከታች ያለው ባለ መስመር መስፈርት ግን ከሥዕሉ ጋር አብሮ ስለሚያንስና ስለሚያድግ በእርሱ መለካት ይሻላል። ለጎብኚዎች የሚታደሉ ሥዕላዊ ካርታዎችና የባቡር መስመር ሥዕሎች ደግሞ ርቀትን ላይጠብቁ ይችላሉ። በ1933 እ.ኤ.አ. ከታተመው የለንደን የምድር ባቡር ሥዕል ወዲህ ብዙ ከተሞች መስመሮቻቸውን አቃንተው ይስላሉ፤ በእንዲህ ያለ ሥዕል ላይ ተራርቀው የሚታዩ ሁለት ጣቢያዎች በእግር አጠገብ ለአጠገብ ሊሆኑ ይችላሉ።

በመንገድ ላይ የሚከተሏቸው ምልክቶች በካርታው ላይ የታተሙና ከቦታቸው የማይነሡ ይሁኑ። ቀለሙ የሚስብ የሱቅ ማስታወቂያ ዓይን ይይዛል፤ ነገር ግን ካርታው ላይ የለም፤ ነገም ሊነሣ ይችላል። ከፍ ያለ ማማ ከሩቅ ስለሚታይ አቅጣጫን ይጠቁማል፤ ምን ያህል እንደቀረዎት ግን አይነግርዎትም። ወንዝ፣ ሐዲድና ትልቅ አውራ ጎዳና ከሁሉ ይበልጣሉ፤ ረጃጅም ስለሆኑ ሳያዩ ማለፍ ያስቸግራል። በምሳሌያችን ውስጥ ቤቱ ያለበት መንገድ መጨረሻው መናፈሻ ነው እንበል። መናፈሻው መድረሻዎ ባይሆንም ከመነሣትዎ በፊት በወረቀት ይጻፉት፤ ዛፎቹና አጥሩ ፊት ለፊት ከታዩ ቤቱን አልፈውታል ማለት ነው። «ሦስተኛው መታጠፊያ» ብሎ መቁጠር ግን አደገኛ ነው፤ ካርታው ትናንሽ መተላለፊያዎችን ስለሚተው በመሬት ላይ የሚቆጥሩት ከካርታው ጋር ላይገጥም ይችላል። የመንገዱን ስም ይጠብቁ።

በየመታጠፊያው ዞር ብለው የመጡበትን ይመልከቱ፤ በመልሱ ጉዞ የሚያዩት ያንን ገጽታ ነው።

ቦታው ካደናገረዎት እየገመቱ አይቀጥሉ፤ እርግጠኛ ወደነበሩበት የመጨረሻ ምልክት ይመለሱ፣ ወይም እንደ መጀመሪያው የሁለት መንገዶች ስም ያንብቡ። ሰው ከጠየቁ ደግሞ «ይህ ቤት የት ነው?» ከማለት ይልቅ ካርታውን አሳይተው «አሁን የቆምነው የት ላይ ነው?» ማለት ይመረጣል። የሰፈሩ ነዋሪ የማያውቀውን ቤት እየገመተ ሊያሳይዎት ይችላል፤ የቆመበትን ማዕዘን ግን ያውቀዋል፤ ቋንቋው ባይገባዎትም በጣቱ ይጠቁማል።

በመንገድ ዳር የተተከለ የካርታ ሰሌዳ ካገኙ «እዚህ ነዎት» የሚለው ነጥብ ትልቅ እፎይታ ነው፤ ሆኖም አንዳንዶቹ ሰሌዳዎች ወደ ላይ የሚያሳዩት ሰሜንን ሳይሆን አንባቢው የሚያየውን አቅጣጫ ነው። ከእርሱ ሲገለብጡ የመንገዶቹን ስምና ቅደም ተከተል ይጻፉ እንጂ የሥዕሉን አቀማመጥ ከእጅዎ ካርታ ጋር አያጣብቁ።

ወደ ቤቱ መንገድ ሲገቡ ሁለት ቤቶችን አይተው ቁጥሩ እያደገ መሆኑን ወይም እያነሰ መሆኑን ይለዩ። በብዙ አገሮች ጎዶሎ ቁጥሮች በአንድ ወገን፣ ሙሉ ቁጥሮች በሌላው ወገን ስለሚሆኑ 34ና 36 ወዳሉበት ወገን ይሻገሩ። ሁሉም አገር ግን ይህን አይከተልም፤ ቁጥሩ በአንድ ወገን ተከታትሎ 35፣ 36፣ 37 እያለ ከሄደ ሳይሻገሩ በዚያው ወገን ይቀጥሉ።