ቢሮክራሲን ስንወቅስ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ደንቡ ባለጉዳይ ለማጉላላት የወጣ ይመስለናል። ደንቡ የመጣው በዘመድና በውለታ የሚሠራን አስተዳደር ለመተካት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ምርጫ ያሸነፈ ፓርቲ የመንግሥትን ሥራ ለደጋፊዎቹ ያድል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1881 ፕሬዚዳንት ጋርፊልድን ተኩሶ የመታቸው ሰው ራሱ ሹመት ጠይቆ ያጣ ነበር። በ1883 የወጣው የፔንድልተን ሕግ ቅጥር በፈተና እንዲሆን አዘዘ፤ መጀመሪያ ላይ የሸፈነው ግን ከፌዴራል ሥራው አሥር በመቶ ያህሉን ብቻ ነው። ጀርመናዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ማክስ ዌበር በኋላ የተነተነው ይህን መሰሉን ለውጥ ነው። እርከን ሲኖር ተጠያቂው ይታወቃል፣ ለይግባኝም መንገድ ይኖራል። በጽሑፍ የሰፈረ ውሳኔ ጸሐፊው ቢቀየርም አይጠፋም።

ፊት አለማየትን ከልብ ድንዳኔ እንቀላቅላለን። ፊት አለማየት ማለት «የማን ልጅ ነህ?» አለማለት ነው፤ የቀረበውን ጉዳይ አለማየት አይደለም። መታወቂያው ላይ «ኃይሉ»፣ የልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ «ሀይሉ» የተጻፈበትን ሰው እንውሰድ። የስም ማመሳከሪያው ደንብ ዓላማ ሰውየው ያው ሰው መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ድምፁ አንድ ነው፤ የእናት ስም፣ የልደት ቀንና ፎቶው ከተስማሙ ዓላማው ተሟልቷል። ሠራተኛው ግን በፊደሏ ብቻ ከመለሰው፣ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ሮበርት መርተን እ.ኤ.አ. በ1940 እንዳሳየው፣ ዘዴው ራሱ ግብ ሆኗል ማለት ነው። ለመለየት «ይህ ደንብ የሚከላከለው ምንን ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። መልሱ «መመሪያ ነው» ብቻ ከሆነ በሽታው እዚያ ነው። ሠራተኛውን መውቀስ ግን ብዙም አይፈይድም፤ ፊደሏን ቢያልፍ የሚጠየቀው እሱ ነው፣ ባለጉዳዩን ቢመልስ ግን ማንም አይጠይቀውም። ስለዚህ መመሪያው ራሱ ምን ዓይነት አማራጭ ማስረጃ እንደሚበቃና ማን እንደሚወስን መጻፍ አለበት።

እርከኑ በረዘመ ቁጥር ቁጥጥሩ የሚጠብቅ ይመስለናል። ጥር 27 ቀን 1986 (እ.ኤ.አ.) ማታ፣ የአሜሪካን የጠፈር መንኮራኩር የቻሌንጀርን ሮኬት የሠራው ኩባንያ መሐንዲሶች ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች እንዳትነሣ መከሩ፤ የላስቲክ ማሸጊያ ቀለበቶቹ በብርድ ይደርቃሉ ብለው ሠግተው ነበር። የናሳ ኃላፊዎች ሲሞግቷቸው የኩባንያው አለቆች የመሐንዲሶቻቸውን ምክር ሽረው ፈቀዱ። ክርክሩንም በቦታው እንዳለቀ የቆጠሩት የናሳ ኃላፊዎች ለመጨረሻዎቹ ወሳኞች አላቀረቡትም። በነጋታው 2 ዲግሪ ገደማ በሆነ ብርድ ተነሣች፤ በ73ኛው ሰከንድ ተበታተነች፣ ሰባቱም ጠፈርተኞች ሞቱ። ፊርማዎቹ ተሟልተው ነበር። የጎደለው ጥርጣሬው ነው፤ በየእርከኑ ወደ ላይ የሚወጣው «ዝግጁ ነን» የሚለው ብቻ ነበርና። እንዲህ ባለ ሥራ የሚያውቀው ሰው እርከን ዘልሎ ለወሳኙ የሚናገርበት መንገድ በመመሪያ መፈቀድ አለበት። ወር በወር ለማይለዋወጥ የጡረታ ክፍያ ግን አሮጌው እርከን ዛሬም በደንብ ይሠራል።