ኳርቴትና ትሪፕሌት ሲያዩ አይቸኩሉ፦ ፕሮቶን ኤንኤምአር ሲነበብ የሚሠሩ ስህተቶች

የአንድ ውህድ ፎርሙላ C4H8O2 ነው ተባልን እንበል። እጃችን ላይ ያለው በ400 ሜጋኸርዝ ማሽን፣ በ CDCl3 ተሟሙቶ የተወሰደ የፕሮቶን ኤንኤምአር፣ ማለትም የሃይድሮጅኖቹ፣ ስፔክትረም ነው። ከግራ ወደ ቀኝ የሚታየው ይህ ነው፦

7.26 ፒፒኤም ላይ ቀጭን ሲንግሌት
4.12 ላይ ኳርቴት፣ ኢንቴግሬሽን 1.00
2.04 ላይ ሲንግሌት፣ ኢንቴግሬሽን 1.48
1.56 ላይ ትንሽ ፒክ
1.26 ላይ ትሪፕሌት፣ ኢንቴግሬሽን 1.52

ቀላል ይመስላል። ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እንዲህ ባለው ቀላል ስፔክትረም ላይ ነው።

ያዩትን ፒክ ሁሉ የውህዱ ነው ማለት

7.26 ላይ ያለችውን ፒክ ያየ ጀማሪ "የቤንዚን ቀለበት አለ!" ይላል። የለም። ፒኳ የመጣችው ከሟሟው ነው። CDCl3 ውስጥ ሁልጊዜ ጥቂት CHCl3 ይቀራል፤ የእሱ ሃይድሮጅን 7.26 ላይ ይወጣል። 1.56 ላይ ያለችው ደግሞ ሟሟው ውስጥ የገባ ውሃ ናት።

ፎርሙላውም ይመሰክራል። C4H8O2 ሙሉ በሙሉ በሃይድሮጅን ቢሞላ 10 ሃይድሮጅን ይኖረው ነበር። ያለው 8 ነው። የጎደለው ለአንድ ድርብ ቦንድ ወይም ለአንድ ቀለበት ብቻ ይበቃል። የቤንዚን ቀለበት ብቻውን አራት እንዲህ ያለ ጉድለት ይጠይቃል፤ ካርቦኑም ስድስት ነው። ስለዚህ ወደ ፒኮቹ ከመግባትዎ በፊት ይህችን ሒሳብ ይሥሩ። ግማሽ ደቂቃ አትፈጅም።

ኢንቴግሬሽኑን እንደ ቁጥር ማንበብ

1.00፣ 1.48፣ 1.52። አንዳንዱ እነዚህን ወደ 1፣ 1 እና 2 ያጠጋጋል። ከዚያ "አንድ ሃይድሮጅን ያለው ኳርቴት" ፍለጋ ይገባል፤ ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም።

ኢንቴግሬሽን፣ ማለትም ከፒኩ ሥር ያለው ስፋት፣ የሚነግረን ብዛትን ሳይሆን ምጣኔን ነው። አንዱን ፒክ 1.00 ያልነው እኛው ነን። ምጣኔው 1 ለ 1.5 ለ 1.5 ነው። ግማሽ ሃይድሮጅን ስለሌለ ሁሉንም በ2 እናባዛለን፤ 2፣ 3 እና 3 ይሆናል። ድምሩ 8 ነው፣ ከፎርሙላው ጋር ገጠመ። ባይገጥም ኖሮ እንደገና ማባዛት ነበረብን። ለምሳሌ ዳይኤቲል ኤተር የሚያሳየው 2 ለ 3 ብቻ ነው፤ ያለው ሃይድሮጅን ግን 10 ነው። ሁለቱ ጎኖቹ አንድ ዓይነት ስለሆኑ አንድ ላይ ተደርበው ይወጣሉ።

1.48 ለምን 1.50 አልሆነም ብሎ መጨነቅም አያስፈልግም። የጥቂት በመቶ ልዩነት የተለመደ ነው።

የተሰነጠቀውን ፒክ የራሱ ሃይድሮጅን ብዛት አድርጎ መቁጠር

ይህ የስህተቶች ሁሉ አለቃ ነው። "ኳርቴት አራት መስመር አለው፣ ስለዚህ አራት ሃይድሮጅን" ይባላል። ወይም ትሪፕሌቱ ሦስት ሃይድሮጅን ስላለው ነው ሦስት መስመር ያለው ይባላል። ሁለተኛው በተለይ አታላይ ነው፤ እዚህ ስፔክትረም ላይ ትሪፕሌቱ በአጋጣሚ ሦስት ሃይድሮጅን አለው።

ስፕሊቲንግ፣ ማለትም የፒኩ መሰንጠቅ፣ የሚያወራው ስለ ጎረቤት ነው። አጠገቡ ባለው ካርቦን ላይ ያሉትን ሃይድሮጅኖች ቆጥረው አንድ ይጨምሩ። ኳርቴቱ አራት መስመር ያለው ጎረቤቱ CH3 ስለሆነ ነው። ትሪፕሌቱ ሦስት መስመር ያለው ጎረቤቱ CH2 ስለሆነ ነው። ሲንግሌቱ ጎረቤት የለውም። የራስን ብዛት የሚናገረው ኢንቴግሬሽኑ ብቻ ነው፤ እሱም የአራቱ መስመሮች ድምር እንጂ የአንዱ አይደለም።

ሁለቱ በእርግጥ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ማረጋገጫም አለ። በኳርቴቱ መስመሮች መካከል ያለውን ርቀት ይለኩ። እዚህ 0.018 ፒፒኤም ገደማ ነው። በ400 ሲያባዙት 7.2 ኸርዝ ይሆናል። በትሪፕሌቱ መስመሮች መካከልም ያው ርቀት መገኘት አለበት። አንዱ 7፣ ሌላው 12 ኸርዝ ከሆነ እነዚህ ሁለቱ እርስ በርስ አይተያዩም፤ እያንዳንዱን የሰነጠቀው ሌላ ጎረቤት ነው።

ርቀቱን በፒፒኤም ትቶ ማነጻጸር ግን ሌላ ወጥመድ ነው። ያው 7.2 ኸርዝ በ60 ሜጋኸርዝ ማሽን ላይ 0.12 ፒፒኤም ይሆናል። ኳርቴቱ ተንጨፍርሮ ይታያል፤ ውህዱ ግን ያው ነው።

ቅርጹ ከገጠመ ሽፍቱን መዝለል

እስካሁን ያለን ይህ ነው፦ እርስ በርስ የተያያዙ CH2 እና CH3፣ ማለትም አንድ ኤቲል፤ ጎረቤት የሌለው አንድ CH3፤ የቀሩት አንድ ካርቦንና ሁለት ኦክስጅን ከአንድ ድርብ ቦንድ ጋር። ኤስተር መሆኑ ግልጽ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ እስክሪብቶውን ያስቀምጣል።

ችግሩ ግን ይህን ሁሉ የሚያሟሉ ሁለት ኤስተሮች መኖራቸው ነው። አንዱ ኤቲል አሴቴት፣ CH3COOCH2CH3፤ ሌላው ሜቲል ፕሮፓኖኤት፣ CH3CH2COOCH3። ሁለቱም አንድ ኳርቴት፣ አንድ ሲንግሌትና አንድ ትሪፕሌት ያሳያሉ። ሁለቱም 2፣ 3፣ 3 ናቸው። ኢንቴግሬሽንና ስፕሊቲንግ ብቻ ይዞ የሚሟገት ሰው ሳንቲም ቢወረውር ይሻለዋል።

የሚለያቸው ሽፍቱ፣ ማለትም ፒኩ በፒፒኤም የሚቀመጥበት ቦታ ነው። ኦክስጅን ኤሌክትሮን ይስባል። ከእሱ ጋር በተያያዘ ካርቦን ላይ ያሉ ሃይድሮጅኖች መከለያቸው ይሳሳና ወደ ግራ ይሄዳሉ። በኤስተር ውስጥ OCH2 ወደ 4.1፣ OCH3 ወደ 3.7 አካባቢ ይገኛል። ከካርቦኒሉ፣ ማለትም ከ C=O ጎን ያለው ግን ጉተቱ ስለሚቀንስ ከ2 እስከ 2.5 መካከል ይቀራል።

አሁን ጥያቄው አንድ ነው። ከኦክስጅኑ ጋር የተያያዘው ማን ነው? የእኛ ኳርቴት 4.12 ላይ፣ ሲንግሌቱ 2.04 ላይ ነው። ስለዚህ ኦክስጅኑን የያዘው CH2 ነው፤ ብቸኛው CH3 ከካርቦኒል ጎን ተቀምጧል። ውህዱ ኤቲል አሴቴት ነው። ሜቲል ፕሮፓኖኤት ቢሆን ኖሮ ቦታ ይቀያየሩ ነበር፦ ሲንግሌቱ 3.67፣ ኳርቴቱ 2.3 አካባቢ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። "ኦክስጅን አጠገብ ያለ CH2 3.5 ላይ ነው" ብሎ የሸመደደ ሰው 4.12 ሲያይ ይደናገራል። 3.5 አካባቢ የሚወጣው የኤተር ነው። በኤስተር ውስጥ ካርቦኒሉ ኦክስጅኑን ራሱን ስለሚጎትተው CH2 ተጨማሪ ወደ ግራ ይገፋል።

OH እንደ ማንኛውም ጎረቤት ይሰነጥቃል ብሎ መጠበቅ

የእኛ ውህድ OH የለውም፤ ግን ስህተቱ ስለሚደጋገም ልንካው። ኤታኖልን በ CDCl3 ሲያነሱ CH2 ብዙውን ጊዜ ንጹሕ ኳርቴት ነው፤ OH እንዳልነበረ ይቆጠራል። የ OH ሃይድሮጅን ከሞለኪውል ሞለኪውል በፍጥነት ስለሚዘዋወር ነው። የሚወጣበት ቦታም እንደ ክምችቱ ይለዋወጣል። ከተጠራጠሩ ቱቦው ውስጥ አንድ ጠብታ D2O ጨምረው ይናጡና እንደገና ያንሱ። የጠፋችው ፒክ OH ናት።

ቆሻሻን ከውህዱ ጋር መደመር

ኤቲል አሴቴት በኮለም ማጣሪያ ላይ በብዛት የሚሠራበት ሟሟ ነው፤ በደንብ ካልደረቀ ከምርቱ ጋር ይመጣል። እነዚህን ሦስት ፒኮች ሌላ ውህድ ውስጥ ሲያዩ መጀመሪያ የእያንዳንዱን ሽፍት ያረጋግጡ። ከዚያ ኢንቴግሬሽኑን ያነጻጽሩ። እርስ በርሳቸው 2፣ 3፣ 3 ሆነው ከዋናው ውህድ አንጻር ግን 0.14፣ 0.21፣ 0.21 የሚሆኑ ከሆነ የሞለኪውሉ አካል አይደሉም። ቱቦውን ሳይሆን ናሙናውን ወደ ቫኪውም ፓምፑ ይመልሱት።