ነጠላ ሰረዝ የት ይግባ? ከነምክንያታቸው የተሠሩ መልመጃዎች

ይህን ዓረፍተ ነገር ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት።

ልጁ እያለቀሰ የሄደውን ወንድሙን ፈለገ።

ያለቀሰው ማን ነው? ልጁ ነው ወይስ ወንድሙ? ስናወራ ትንፋሻችን ይለየዋል። ጽሑፍ ላይ ግን ትንፋሽ የለም፤ ያንን ሥራ የሚሠራው ነጠላ ሰረዝ (፣) ነው። መልሱን ለጊዜው አቆዩትና ከቀላሉ እንጀምር።

አሠራሩ እንዲህ ነው፦ መልመጃውን ወረቀት ላይ ገልብጡ፣ ምልክቱን አስገቡ፣ ከሥሩ ምክንያቱን በአንድ መስመር ጻፉ። ከዚያ በኋላ ብቻ መልሱን እዩ። ምልክቱ ትክክል ሆኖ ምክንያቱ ከጠፋባችሁ በግምት አግኝታችሁታልና ድገሙት።

ዝርዝር

መልመጃ 1፦ ቦርሳው ውስጥ ደብተር እርሳስ ላጲስ እና ማስመሪያ አሉ።

መልስ፦ ቦርሳው ውስጥ ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ እና ማስመሪያ አሉ።

በዝርዝር ውስጥ ነጠላ ሰረዝ የ«እና» ምትክ ነው። «እና» ራሱ በገባበት ቦታ ሌላ አገናኝ ስለማያስፈልግ ከፊቱ ምልክት አይደረግም። ለማረጋገጥ በእያንዳንዱ ሰረዝ ቦታ «እና» ብላችሁ አንብቡ፤ ካስኬደ ቦታው ትክክል ነው።

መልመጃ 2፦ ደብተሩንም እርሳሱንም ላጲሱንም ረሳ።

መልስ፦ እንዳለ ይቀመጥ። እያንዳንዱ ቃል ላይ ያለው «ም» የማገናኘቱን ሥራ ጨርሶታል።

መልመጃ 3፦ ተማሪዎቹ በሂሳብና በፊዚክስ በታሪክና በጂኦግራፊ እንዲሁም በአማርኛ ተፈተኑ።

መልስ፦ ተማሪዎቹ በሂሳብና በፊዚክስ፣ በታሪክና በጂኦግራፊ እንዲሁም በአማርኛ ተፈተኑ።

እዚህ የሚዘረዘሩት ነጠላ ቃላት ሳይሆኑ ጥንዶች ናቸው። ጥንዱን ከውስጥ «ና» ይይዘዋል፣ ጥንድን ከጥንድ ደግሞ ሰረዙ ይለየዋል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከ«በሂሳብና» ቀጥሎ ሰረዝ በማስገባት ነው፤ ያን ጊዜ ጥንዱ ይፈርሳል።

ሐረግና ዓረፍተ ነገር

ከባዱ ክፍል ይኼ ነው። የአማርኛ ዋና ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚቀመጥ፣ መሐል ላይ ያለ ጥገኛ ግስ ቀጥሎ ካለው ጋር ይሁን ከሩቁ ዋና ግስ ጋር ሁልጊዜ ግልጽ አይሆንም። አሁን ወደ ልጁ እንመለስ።

መልመጃ 4፦ ልጁ እያለቀሰ የሄደውን ወንድሙን ፈለገ።

ያለቀሰው ልጁ ከሆነ፦ ልጁ እያለቀሰ፣ የሄደውን ወንድሙን ፈለገ።

ያለቀሰው ወንድሙ ከሆነ፦ ልጁ፣ እያለቀሰ የሄደውን ወንድሙን ፈለገ።

«እያለቀሰ» ሁለት ግሶች ይጠብቁታል፤ ቅርቡ «የሄደውን» ነው፣ ሩቁ «ፈለገ»። በመጀመሪያው መልስ ሰረዙ ከቅርቡ ስለሚያግደው ወደ ሩቁ ይሄዳል። በሁለተኛው ሰረዙ ከ«ልጁ» ስለሚለየው ቅርቡን ይይዛል። ባለቤትን ከግሱ በሰረዝ መለየት በተለመደው ዓረፍተ ነገር ስሕተት ነው፤ «ልጁ፣ መጣ» አይባልም። እዚህ የተፈቀደው በባለቤቱና በግሱ መካከል የራሱ ግስ ያለው ሌላ ሐረግ ስለገባ ነው።

እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲገጥማችሁ ግን ከሰረዝ ይልቅ የቃላቱን ቅደም ተከተል መቀየር ይሻላል። «ልጁ የሄደውን ወንድሙን እያለቀሰ ፈለገ» ብትሉ «እያለቀሰ» ከዋናው ግስ አጠገብ ስለሚቀመጥ ያለ ምንም ምልክት ይገባል። ትርጉሙ በአንዲት ሰረዝ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ዓረፍተ ነገር፣ ሰረዟ ስትገለበጥ ከቀረች አብሯት ይጠፋል።

መልመጃ 5፦ ዝናቡ ስለቆመ ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።

መልስ፦ ዝናቡ ስለቆመ፣ ልጆቹ ወደ ሜዳ ወጡ።

«ስለ»፣ «ሲ»፣ «ቢ»፣ «ከ»፣ «እንደ» የገባበት ግስ ብቻውን አይቆምም፤ ሐሳቡ እዚያ ላይ ስለሚታጠፍ ሰረዝ ይከተለዋል። እንደ «ሲመጣ ንገረኝ» ያለ አጭር ከሆነ ሊቀር ይችላል። አራት ነጥብ ማድረግ ግን አይቻልም፤ «ዝናቡ ስለቆመ።» ቢባል አንባቢ «ስለቆመ ምን?» ይላል።

መልመጃ 6፦ ትናንት የገዛሁት መጽሐፍ ጠፋ።

መልስ፦ ምንም አይገባም። «የገዛሁት» የሚገልጸው ቀጥሎ ያለውን ስም ነው፤ ገላጭና ተገላጭ በሰረዝ አይለያዩም። ጸሐፊዎች እዚህ ሰረዝ የሚያስገቡት ሲያነቡ ትንፋሽ ስለሚወስዱ ነው። ትንፋሽ ጥሩ ጠቋሚ ቢሆንም ረጅም ገላጭ ላይ ያታልላል።

መልመጃ 7፦ አውቶቡሱ ዘገየ ተሳፋሪዎቹ ግን ጠበቁ።

መልስ፦ አውቶቡሱ ዘገየ፤ ተሳፋሪዎቹ ግን ጠበቁ።

ሁለቱም ወገኖች ራሳቸውን የቻሉ ናቸው፤ ሐሳባቸው ግን ይያያዛል። ለዚህ ነጠላ ሰረዝ አቅም ስለሚያንሰው ድርብ ሰረዝ (፤) ይገባል።

ሲያጠራጥራችሁ ዓረፍተ ነገሩን እዚያው ላይ ቁረጡና የግራውን ግማሽ ብቻ አንብቡ። ብቻውን ከቆመ ፤ ወይም ። ይሁን። ሌላ ግስ የሚጠብቅ ከሆነ ፣ ይግባ። የሚጠብቀው ስም ከሆነ ባዶውን ተዉት።

አፖስትሮፊ

አፖስትሮፊ (') አማርኛ ውስጥ ጠባብ ሥራ ነው ያለው፤ በንግግር የተዋጠ ፊደል የነበረበትን ቦታ ያሳያል።

መልመጃ 8፦ ይህ ዘይት የሚገኘው ካሣ ነው።

እንዳለ ሲነበብ ዘይቱ ከጉዳት ክፍያ የተገኘ ይመስላል። የተፈለገው «ከዓሣ» ነው። «ከ» እና «ዓ» ሲገናኙ ድምፃቸው ይዋሐድና «ከ» ወደ «ካ» ይለወጣል፣ «ዓ» ይዋጣል። በተለመደ ጽሑፍ መልሱ «ከዓሣ» ብሎ መዘርዘር ነው። የሰው ንግግር እንደወረደ ሲጻፍ ወይም ግጥም ላይ «ካ'ሣ» ይሆናል፤ ምልክቱ የሚቀመጠው የተዋጠው ፊደል በነበረበት ቦታ እንጂ ከቃሉ ፊት አይደለም።

መልመጃ 9፦ «ነግሬህ ነበርኮ!»

መልስ፦ «ነግሬህ ነበር'ኮ!» የተዋጠው የ«እኮ» «እ» ነው።

«የኔ» እና «ያንተ» ግን ከሌላ ቃል ጋር ስለማይምታቱ ምልክት አይሹም፤ ለመሥሪያ ቤት ደብዳቤ «የእኔ» እና «የአንተ» ብላችሁ ጻፉ። ባለቤትነትን «የ»፣ ብዛትን «ዎች» ስለሚያሳዩ ለእነሱም አፖስትሮፊ አይገባም። «ት/ቤት» የሚያጥረውም ባዘመመ መስመር ስለሆነ «ት'ቤት» ስሕተት ነው።

የማጠቃለያ መልመጃ

ከተማውን የማያውቅ እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ የሰፈር ስም ምልክት እና ርቀት ያስፈልገዋል ስም ብቻ ከነገርነው ግን ይጠፋል

መልስ፦ ከተማውን የማያውቅ እንግዳ መንገድ ሲጠይቅ፣ የሰፈር ስም፣ ምልክት እና ርቀት ያስፈልገዋል፤ ስም ብቻ ከነገርነው ግን ይጠፋል።

«የማያውቅ» ስም ስለሚጠብቅ ባዶ ቀረ። «ሲጠይቅ» ግስ ስለሚጠብቅ ሰረዝ አገኘ። «የሰፈር» የ«ስም» ገላጭ ስለሆነ መሐላቸው አልተቆረጠም። «ያስፈልገዋል» ላይ ሐሳቡ ራሱን ስለቻለ ድርብ ሰረዝ ገባ። ከ«ሲጠይቅ» በኋላ ያለው ሰረዝ ከዝርዝሩ ሰረዝ ጋር ተቀራርቦ ዓይን የሚያደናግር ከመሰላችሁ፣ ዝርዝሩን «ሦስት ነገር ያስፈልገዋል፦ የሰፈር ስም፣ ምልክት እና ርቀት» ብላችሁ ወደ መጨረሻ ውሰዱት። ያን ጊዜ ከ«ርቀት» ቀጥሎ አራት ነጥብ ይደረግና «ስም ብቻ ከነገርነው ግን ይጠፋል» ራሱን ችሎ ይቆማል።