ያበጠ፣ የተሰረጎደና የዛገ ቆርቆሮ፦ ከመክፈታችን በፊት የምንሳሳታቸው ነገሮች

ድሬዳዋ ከፊራ ገበያ ዞር ዞር ስትሉ፣ ዋጋው ቀነስ ያለ ቱና ወይም ሳልሳ አይታጣም። ለምን እንደረከሰ ብዙ ጊዜ ቆርቆሮው ራሱ ይናገራል።

ትልቁ ስህተት «ከፍቼ ላሽተው፣ ትንሽ ልቅመሰው» ማለት ነው። ቦቱሊዝም የሚባለውን በሽታ የሚያመጣው ተህዋስ አየር በሌለበት ቦታ ይራባል። የታሸገ ዓሣና ሥጋ ይመቸዋል። የሚያመነጨው መርዝ ብዙ ጊዜ ሽታም ጣዕምም የለውም። ለቅምሻ ያህል የወሰዱት እንኳ ሊገድል ይችላል። ያበጠ ቆርቆሮ ሲበሳ ደግሞ ይፈነጥቃል፤ ፊትና ልብስ ላይ ነው የሚያርፈው።

ሁለተኛው «የድሬ ሙቀት ነው ያሳበጠው» የሚለው ሰበብ ነው። ሙሉ በሙሉ ውሸት አይደለም፤ ሙቀት አየርን ይለጥጣል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ሽቅብ ሲወጣም የውጭው አየር ግፊት ስለሚቀንስ፣ ላላ ያለ ክዳን ትንሽ ሊነፋ ይችላል። የሳልሳ አሲድም ብረቱን በልቶ ጋዝ ይፈጥራል። ግን ጋዙ ከተህዋስ ይሁን ከሌላ ነገር፣ በዓይን መለየት አይቻልም። ስለዚህ ሰበብ መፈለጉን ትታችሁ ክዳኑንና ቂጡን በአውራ ጣት ጫን አድርጉ። ደህና ቆርቆሮ ንቅንቅ አይልም። ቀጭ ብሎ ገብቶ ከተመለሰ፣ ወይም አንዱን ስትጫኑ ሌላው ወገን ካበጠ፣ አይከፈትም።

ስርጉድ ላይ ደግሞ ሰው ወይ ሁሉንም ይጥላል፣ ወይ ሁሉንም ይበላል። ዋናው ነገር ቦታው ነው። ሁለት የቱና ቆርቆሮ ያዙ እንበል። አንዱ ጎኑ መሐል ላይ ለስለስ ያለ ስርጉድ አለው፣ ጠርዙ አልተነካም፣ ክዳኑም አይንቀሳቀስም። እሱን መብላት ይቻላል። ሌላው ላይ ስርጉዱ ትንሽ ነው፤ ግን ክዳኑና ጎኑ የተጣጠፉበት ጠርዝ ላይ ነው ያረፈው። ይኼኛው ይጣላል። እዚያ ጋ ለዓይን የማይታይ ቀዳዳ ሊከፈት፣ ተህዋስም ሊገባ ይችላል። በጎኑ በኩል ብየዳ ካለው እሱም እንደ ጠርዙ ነው። ጣት የሚያስገባ ጥልቅ ስርጉድ ወይም ሹል እጥፋት ያለበትም፣ የትም ቦታ ይሁን፣ አይበላም።

ዝገትን በጨርቅ ጠረግ አድርጉት። ከለቀቀ የላይ ላይ ዝገት ነው፤ ችግር የለውም። ከተላላጠ፣ ብረቱን ከቦረቦረ ወይም ጠርዙ ላይ እርጥበት ከታየ ግን አትክፈቱት።

«ቀቅዬ እበላዋለሁ» የሚሉም አሉ። በደንብ መቀቀል የቦቱሊዝምን መርዝ ይሰብራል፤ የተህዋሱ ዘር ግን ፈልቶም አይሞትም። በተበላሸ ቱና ውስጥ የሚፈጠረውን ሂስታሚን የሚባል መርዝ ደግሞ እሳት አያጠፋውም።

የተጠረጠረውን ሳትከፍቱ በሁለት ፌስታል አስራችሁ፣ ልጅም ፍየልም የማይደርስበት ቆሻሻ ውስጥ ጣሉት። መልኩ ደህና የነበረውም ሲከፈት ከፈነጠቀ ወይም አረፋ ካወጣ አብሮ ይሄዳል።