ካሩሰሉ ላይክ ያገኛል፣ ሥራ ግን አያመጣም፦ የስላይድ ጽሁፍና የካፕሽን ችግርና መፍትሄ

ኬዝ ስተዲ ኢንስታግራም ላይ በካሩሰል ስንለጥፍ ምስሎቹ ላይ ሳምንት እናጠፋለን፣ ጽሁፉን ግን ልንለጥፍ ሃያ ደቂቃ ሲቀር ነው የምንሞነጫጭረው። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ለአንድ የጥርስ ክሊኒክ የቀጠሮ መያዣ ፎርም ሠርቼ በ9 ስላይድ ለጠፍኩት፣ ዲዛይነር ጓደኞቼ ወደዱት፣ ሥራ ሊሰጠኝ የሚችል ሰው ግን አንድም አልጻፈልኝም። በኋላ ዲዛይኑን ሳልነካ ጽሁፉን ከዜሮ ጻፍኩት። የት የት እንደተሳሳትኩ ያየሁት ያኔ ስለሆነ በዛው ሥራ ላስረዳችሁ።

ምልክት፦ ላይክ አለ፣ ሴቭና ፕሮፋይል የሚከፍት ሰው ግን የለም

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የመጀመሪያው ስላይድ ነው። የኔ "የክሊኒክ ዌብሳይት ሪዲዛይን፣ ኬዝ ስተዲ" ይል ነበር። ይሄ እኮ የፋይል ስም ነው። ዲዛይነር ምስሉን አይቶ ላይክ ያደርጋል፣ የክሊኒክ ባለቤት ግን የራሱን ችግር እዛ ላይ ስላላየው ያልፈዋል።

መፍትሄው ባለቤቱ ራሱ በሚናገርበት ቋንቋ ችግሩን መጻፍ ነው። እንዲህ ቀየርኩት፦

"ቀጠሮ ለመያዝ 11 ጥያቄ። ሰዎች መሃል ላይ ትተውት ስልክ ይደውላሉ።"

ሪዲዛይን የለም፣ ዩኤክስ የለም። ጥሩ መሆኑን ለማወቅ ዲዛይን ለማያውቅ ሰው ያችን አንድ ስላይድ ብቻ አሳዩትና "ስለምንድነው?" በሉት፣ "ስለ ፎርም" ካለ ተሳክቷል፣ "ያምራል" ካለ ግን ገና ነው።

ሁለተኛው ስላይድ ላይም ተጠንቀቁ። ኢንስታግራም መጀመሪያ ሳያንሸራትት ላለፈ ሰው ፖስቱን ሌላ ጊዜ ከሁለተኛው ስላይድ ጀምሮ ሊያሳየው ይችላል፣ ስለዚ ሁለተኛው ብቻውን መቆም አለበት። የኔ "ስለ ፕሮጀክቱ" የሚል ረጅም አንቀጽ ነበር። አውጥቼው የድሮውን ፎርም ምስል አስገባሁና 7 ቦታ ላይ ምልክት አድርጌ ከላይ "ከ11ዱ 7ቱ ሰውየው ክሊኒክ ሲደርስ ሊጠየቁ የሚችሉ ናቸው" አልኩ። አንደኛውን ያላየ ሰው እንኳን ነገሩ ይገባዋል።

ምልክት፦ ሰው ሦስተኛው ወይ አራተኛው ላይ ያቆማል

ይሄን ለማየት ስልካችሁን ለጓደኛ ስጡና ምንም ሳትናገሩ አውራ ጣቱን ተከታተሉ። የኔ ጓደኛ ከ3 እስከ 6 ያለውን ሳያነብ ነው ያሳለፈው፣ እውነትም የሚነበብ ነገር አልነበረውም፦ "ሪሰርች"፣ "ዋየርፍሬም"፣ "ሙድቦርድ"፣ "ስታይል ጋይድ"። የሂደት ስም ብቻ። የሌላ ፕሮጀክት ስም ብትለጥፉበት ስላይዱ አሁንም እውነት ሆኖ ከቀረ ስለዚህ ሥራ ምንም እየተናገረ አይደለም ማለት ነው፣ አውጡት።

በቦታው ውሳኔ አስገቡ። አንድ ስላይድ አንድ ውሳኔ፣ ውስጡ ደሞ ያየነው፣ የመረጥነውና በምርጫው ያጣነው። ያጣነው የሚለውን ብዙ ሰው ይፈራዋል፣ ለኔ ግን ዋናው እሱ ነው ምክንያቱም ባለቤቱ የሚፈልገው በገንዘቡ ላይ አስቦ የሚወስን ሰው ነው። ከኔው ሁለቱን ላሳያችሁ፦

"ሪሴፕሽኗ በስልክ ደጋግማ የምትመልሰው 'መቼ ክፍት ሰዓት አለ?' የሚለውን ነበር። ስለዚ ፎርሙ ሰዓት በማስመረጥ ይጀምራል፣ ስም በኋላ ይመጣል።"

"የኢንሹራንስ ቁጥርን ከፎርሙ አወጣነው። በምትኩ ሪሴፕሽን ላይ በአካል ይሞላል፣ ለሪሴፕሽኗ ትንሽ ሥራ ይጨምራል። ክሊኒኩ ይሄን አውቆ ነው የተስማማው።"

እንዲህ ሳደርግ 9ኙ ስላይድ 7 ሆነ፣ ማንንም አልቆጨም።

ምልክት፦ ላፕቶፕ ላይ ይነበባል፣ ስልክ ላይ አይነበብም

1080 ፒክሰል ስፋት ያለው ስላይድ ስልክ ላይ ሲታይ በግምት ወደ አንድ ሦስተኛ ነው የሚጠበው። 24 አድርጋችሁ የጻፋችሁት 8 ሆኖ ይታያል ማለት ነው። ለተራ ጽሁፍ ከ36 አትውረዱ። በፊደላችን ደሞ ይባስ ያስቸግራል፣ ሚ እና ሜን፣ ቢ እና ቤን የምትለየው ትንሽ ጭረት ስለሆነች ሲያንስ አንድ ይሆናሉ። ካልበቃችሁ ፎንቱን አታሳንሱ፣ ዓረፍተ ነገሩን ቁረጡ ወይ ለሁለት ስላይድ ክፈሉት።

ምልክት፦ የውጤት ስላይዱ ባዶ ነው

"ክላየንቱ በጣም ተደስቷል" የሚለው ማለት ነው። ምክንያቱ ሥራውን ስንጀምር ቁጥር ስላልጠየቅን ነው፣ በፊት ስንት ሰው ፎርሙን ይጨርስ እንደነበር ካልታወቀ በኋላ የሚወዳደርበት ነገር የለም። ስለዚ የሚቀጥለውን ፕሮጀክት ስትቀበሉ በመጀመሪያው ስብሰባ ጠይቁ። ላለፈው ግን የሌለ ፐርሰንት አትጻፉ። ዲዛይኑ ላይ ራሳችሁ ልትቆጥሩት የምትችሉትን ጻፉ፦ "ከ11 ጥያቄ ወደ 4፣ ከ3 ገጽ ወደ 1።" ይሄ ቀጠሮ ጨምሯል ማለት አይደለም፣ እንደዛ አስመስላችሁም አታቅርቡት። ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ ደውላችሁ "ሪሴፕሽን ላይ ምን ተቀየረ?" በሉ፣ የመለሱላችሁን በራሳቸው ቃል ለማስገባት ፈቃድ ጠይቁ፣ ፈቃዱም በጽሁፍ ይሁን።

ምልክት፦ ዲኤም ይመጣል፣ ግን "ፎንቱ ምንድነው?" የሚል ነው

ይሄ የካፕሽን ችግር ነው። የኔ "አዲሱን ፕሮጀክቴን ሳካፍላችሁ በታላቅ ደስታ ነው" ብሎ ይጀምርና ስላይዱ ላይ ያለውን ይደግማል። ካፕሽን እስከ 2,200 ካራክተር ይይዛል፣ ፊድ ላይ ሳይከፈት የሚታየው ግን በግምት የመጀመሪያው 125 ነው፣ እኔ እሱን በሰላምታ ጨረስኩት።

ስላይዱ ያሳየውን ካፕሽኑ አይድገመው። ስላይድ የማይነግረውን ይናገር፦ የናንተ ድርሻ የቱ ነው፣ ስንት ጊዜ ወሰደ፣ ምን ገደብ ነበር፣ ማን እንዲያናግራችሁ ትፈልጋላችሁ። አሁን ያለው ይሄ ነው፦

"ክሊኒኩ ፎርም ነበረው፣ ሰው ግን ሲደውል ነው የሚውለው። ፎርሙን ለምን እንደሚተዉት ስናይ ችግሩ ቀለሙ አልነበረም።

የኔ ድርሻ፦ የፎርሙ ቅደም ተከተል፣ ጽሁፉና ዲዛይኑ። ኮዱን የጻፈው የክሊኒኩ ዴቨሎፐር ነው። 3 ሳምንት ወሰደ፣ የቀጠሮ ሲስተሙን መቀየር አይቻልም ነበር።

ሰዎች የማይጨርሱት ፎርም ካላችሁ ስክሪንሻቱን በዲኤም ላኩልኝ፣ መጀመሪያ የቱን ጥያቄ እንደማወጣ እነግራችኋለሁ።"

መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ብቻ መሆኑን አስተውሉ። "ላይክ፣ ሼር፣ ፎሎው፣ ሃሳባችሁን ጻፉ" ብሎ አራት ነገር የተጠየቀ ሰው ቀላሉን ላይክ አድርጎ ይሄዳል። ኢንስታግራም ካፕሽን ላይ ሊንክ ስለማይከፈት ሙሉውን ኬዝ ስተዲ የምታሳዩ ከሆነ ሊንኩን ፕሮፋይል ላይ አድርጉት።

አንድ ነገር ደሞ፣ ካፕሽን ከተለጠፈ በኋላም ይስተካከላል፣ ስላይዱ ላይ የገባ የፊደል ስህተት ግን ምስል ውስጥ ስለሆነ እዛው ላይ አርማችሁ አትመልሱትም። ስለዚ ከመለጠፋችሁ በፊት ስላይዶቹን ወደ ስልካችሁ ላኩና ጮክ ብላችሁ አንብቧቸው፣ በካፕሽኑ ብትቸኩሉም ግድ የለም።