መስታወት ሲጠቁርና ጠርዝ ሲበላሽ፦ ከፎርዋርድ ወደ ዲፈርድ የተዛወረ ትዕይንት ችግርና መፍትሄ

ምሳሌያችን በ1920×1080 የሚሳል የሌሊት ጎዳና ነው፤ 200 የመንገድ መብራቶችና ፊታቸው መስታወት የሆነ ሱቆች አሉበት።

ምልክት፦ መብራት በተጨመረ ቁጥር ምስሉ ይንቀራፈፋል።

ግማሹን መብራት አጥፍተው የአንድ ፍሬም ጊዜ ይለኩ፤ በጉልህ ከቀነሰ ጥፋቱ የብርሃን ስሌቱ ነው። ፎርዋርድ እያንዳንዱን ዕቃ ሲስል ብርሃኑን እዚያው ስለሚያሰላ፣ ቆይቶ በሌላ ዕቃ ለሚሸፈን ፒክሰል ጭምር ይደክማል። ዲፈርድ ግን አስቀድሞ የሚታየውን ገጽ ቀለም፣ ኖርማልና ጥልቀት ጂ-ባፈር በተባለ ማከማቻ ያስቀምጥና ብርሃኑን ኋላ ለሚታየው ብቻ ያሰላል። ዋጋው ሜሞሪ ነው፤ ለአንድ ፒክሰል 20 ባይት ቢያዝ ጂ-ባፈሩ 41 ሜጋባይት ገደማ ይሆናል።

ምልክት፦ መስታወቱ እንደ ግድግዳ ደፍኖ ይታያል።

ጂ-ባፈር በአንድ ፒክሰል የአንድ ገጽ መረጃ ብቻ ስለሚይዝ፣ መስታወቱንና ከኋላው ያለውን መደርደሪያ አብሮ ማስቀመጥ አይችልም። ስለዚህ የማያሳልፉት ዕቃዎች ብርሃን ተሰልቶ ካለቀ በኋላ፣ መስታወቶቹ ከሩቅ ወደ ቅርብ ተደርድረው በፎርዋርድ ይሳሉ፤ ጥልቀት ይፈተሻል እንጂ አይጻፍም።

```
glEnable(GL_DEPTH_TEST);
glDepthMask(GL_FALSE);
glEnable(GL_BLEND);
glBlendFunc(GL_SRC_ALPHA, GL_ONE_MINUS_SRC_ALPHA);
```

ምልክት፦ መስታወቱ ላይ አራት ማዕዘን ጥቁር ጥላዎች ይታያሉ።

ይህኛው ብዙ ሰው ሼደሩን በከንቱ የሚያስፈትሽ ነው። መብራቶቹ 16×16 ፒክሰል ለሆነ ለእያንዳንዱ ክፍልፋይ ተለይተው ከሆነ፣ የጥላዎቹን ስፋት ሬንደርዶክ በተባለው የፍሬም መመርመሪያ ይለኩ፤ 16 ፒክሰል ወይም የእሱ ብዜት ከሆነ ጥፋቱ መብራቶቹን ከመለየቱ ሥራ ነው። የየክፍልፋዩ መብራቶች ዝርዝር የሚዘጋጀው በክፍልፋዩ ውስጥ ባሉት የማያሳልፉ ዕቃዎች ቅርብና ሩቅ ጥልቀት መካከል ነው። መስታወቱ ግን ከእነሱ ፊት ስለሚቆም፣ እሱን ብቻ የሚያበራው መብራት ከዝርዝሩ ይወጣል። ለመስታወት ሌላ ዝርዝር ይዘጋጅ፤ ሩቁ ወሰን እንዳለ ሆኖ ቅርቡ ከካሜራው የቅርብ ወሰን ይጀምር።

ምልክት፦ በአንድ ፒክሰል ብዙ ናሙና ወስዶ ጠርዝ የሚያለሰልሰው ኤምኤስኤኤ ከተከፈተ በኋላ በጠርዞች ላይ እንግዳ ብሩህ ወይም ጨለማ መስመር ይታያል።

ጂ-ባፈሩ ብርሃን ሳይሰላ በአማካይ ተጠቃልሏል ማለት ነው። በ2 ሜትር ያለ ምሰሶና በ40 ሜትር ያለ ግድግዳ በአንድ ጠርዝ ሲገናኙ፣ አማካዩ ጥልቀት ምንም ነገር በሌለበት ቦታ ላይ ያርፋል፤ ብርሃኑም ለዚያ ባዶ ቦታ ይሰላል። ትክክለኛው አካሄድ ጠርዝ ያለባቸውን ፒክሰሎች ለይቶ በእያንዳንዱ ናሙና ብርሃኑን ማስላት፣ አማካዩንም ከዚያ በኋላ መውሰድ ነው። በ4 ናሙና ግን ጂ-ባፈሩ ወደ 166 ሜጋባይት ያድጋል።

መስታወት ለበዛበትና ኤምኤስኤኤ ግድ ለሆነበት ለእንዲህ ዓይነቱ ጎዳና እኔ ፎርዋርድ ፕላስን እመርጣለሁ፤ መብራቶቹን በክፍልፋይ ይለያል፣ ኤምኤስኤኤም እንደ ተራው ፎርዋርድ ይሠራበታል። የሚያስከፍለው ጥልቀቱን አስቀድሞ ለመሙላት ዕቃዎቹን ሁለት ጊዜ መሳል ስለሆነ፣ ትሪያንግል እጅግ በበዛበት ትዕይንት ከመወሰንዎ በፊት ይህን የመጀመሪያ ዙር ለብቻው ይለኩት።